ማስታወቂያ ሳይወጣ የሚጻፍ ማመልከቻ

በቅርቡ በሲቪል ምህንድስና የተመረቀች ወጣት ክፍት የሥራ ቦታ ላላወጣ አማካሪ ድርጅት ትጽፋለች እንበል። የምትጠቅሰው የማስታወቂያ ቁጥር ስለሌለ ደብዳቤዋ መነሳት ያለበት ከድርጅቱ ሥራ ነው።

«በማንኛውም የሥራ መደብ ብትቀጥሩኝ» የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ ይጎዳል፤ ተቀባዩ ለየትኛው ክፍል እንደሚመራው አያውቅም።

ይልቅ እንዲህ ብትል ይሻላል፦ «የምትቆጣጠሩትን የሕንፃ ግንባታ ተመልክቻለሁ። በተግባር ልምምዴ ወቅት የመሠረትና የኮለን ፌሮ ዝርዝር አዘጋጅቼ፣ ለክፍያ የሚቀርበውን የሥራ መጠን ከሳይት መሐንዲሱ ጋር ለክቻለሁ። በቢሮ ምህንድስና ክፍላችሁ በጀማሪነት ለመሥራት እፈልጋለሁ።» ክፍሉ ታወቀ፤ የምትችለውም ሥራ በቃለ መጠይቅ ሊፈተን ይችላል። ስለዚህ ራሷ ያልሠራችውን መጻፍ የለባትም።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሥራ ልምድ መግለጫዋና ራሷ ያዘጋጀችው አንድ ገጽ የፌሮ ዝርዝር ይያያዛሉ። የልምምድ ሰነዱ የሌላ ድርጅት ከሆነ ግን ያለፈቃድ አይያያዝም፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቷ ይተካዋል።

መንገዱ ይበልጥ የሚሠራው በግል ድርጅቶች ዘንድ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቋሚ ቅጥር በመደበኛነት በማስታወቂያና በውድድር ስለሚካሄድ፣ እዚያ ደብዳቤው ውድድሩን አይተካም።