ሚሊዮን ቁልፍ፣ ሃያ አምስት እርምጃ

ሰባት የከተማ ስሞች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒዩተር ይገባሉ። የመጡበት ተራ ይህ ነው፦ ደሴ፣ ሐረር፣ ጎንደር፣ ነቀምት፣ ጅማ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳር። ደሴ ቀድማ ስለመጣች ከሁሉም በላይ ትቀመጣለች። ሐረር ስትመጣ ከደሴ ጋር ትነጻጸራለች፤ በፊደል ተራ «ሐ» ከ«ደ» ስለሚቀድም ወደ ግራ ወርዳ ከደሴ ሥር ትቀመጣለች። ጎንደር በ«ገ» ስለሚጀምር ከደሴ በኋላ ነው፣ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ነቀምት ከደሴ ይቀድማል፣ ስለዚህ ወደ ግራ፤ እዚያ ሐረርን ያገኛል፣ ከሐረር ግን በኋላ ስለሆነ በሐረር ቀኝ ይቀመጣል። ጅማ በጎንደር ግራ ቦታ ታገኛለች። መቀሌ ደሴን፣ ሐረርንና ነቀምትን አልፋ ትወርዳለች። ባሕር ዳር ደግሞ መቀሌንም ጨምሮ አራቱን አልፎ ከሁሉም በታች ያርፋል።

የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ይህን የፍለጋ ዛፍ ይሉታል። የሚቀመጠው ስም ወይም ቁጥር «ቁልፍ» ይባላል፤ ከላይ ያለው ቁልፍ የዛፉ ሥር ነው። አንድ ቁልፍ ከሥሩ ስንት እርምጃ ወርዶ እንደሚገኝ የሚነግረው ቁጥር ጥልቀቱ ነው። ባሕር ዳርን የሚፈልግ ሰው አራት እርምጃ ይወርዳል፣ ደሴን የሚፈልግ ግን ምንም አይወርድም። የሰባቱ ጥልቀት ሲደመር 13 ይሆናል፤ ለሰባት ሲካፈል አማካዩ 1.86 ገደማ ነው።

ስሞቹ በፊደል ተራ ቢመጡ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ሐረር፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ነቀምት፣ ደሴ፣ ጅማ፣ ጎንደር እያሉ ሲገቡ እያንዳንዱ ከቀደመው በስተቀኝ ብቻ ይንጠለጠላል። ዛፉ ቅርንጫፍ የሌለው አንድ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል፣ አማካይ ጥልቀቱም 3 ይደርሳል። በሰባት ቁልፍ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ቁልፎቹ አንድ ሚሊዮን ሲሆኑ ግን በተራ የገቡት አማካይ ጥልቀት ወደ 500,000 ይጠጋል። ያው ሚሊዮን ቁልፍ ተዘበራርቆ ሲገባ አማካዩ 24.8 ብቻ ነው።

ማንም ዛፉን ሳያስተካክለው፣ ቁልፎቹ እንደመጡ እየገቡ፣ ሚሊዮን ነገር በሃያ አምስት እርምጃ የሚገኘው ለምንድን ነው? ጥያቄው የፍለጋ ዛፍን ያህል ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዊንድሊ፣ እንዲሁም ቡዝና ኮሊን ስለዚህ ዛፍ ጽፈዋል፤ በ1962 ደግሞ ቶማስ ሂባርድ ጥናቱን አስፋፋው። መልሱ ከፍ ያለ ሒሳብ አይጠይቅም። ሁለት ከተሞችን ብቻ ነጥሎ ማየት ይበቃል።

ሁለቱ ነቀምትና ጎንደር ይሁኑ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ነቀምትን የሚፈልግ ሰው በመንገዱ ላይ ጎንደርን ያገኛል ወይስ አያገኝም? በፊደል ተራ ከነቀምት እስከ ጎንደር ያሉት አራት ናቸው፦ ነቀምት፣ ደሴ፣ ጅማ፣ ጎንደር። ከአራቱ አንዱም ገና ያልገባበት ጊዜ ይታሰብ። እስከዚያ የገባ ማንኛውም ከተማ ወይ ከአራቱም ይቀድማል፣ ወይ ከአራቱም በኋላ ይመጣል፤ በመካከላቸው የሚገባ የለም። ስለዚህ አራቱም ከእነዚያ ከተሞች ጋር ሲነጻጸሩ የሚያገኙት መልስ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ግራ ሲሄድ ሁሉም ግራ፣ አንዱ ቀኝ ሲሄድ ሁሉም ቀኝ ይሄዳሉ። መንገዳቸው አይለያይም።

ከአራቱ ቀድሞ የገባው በዚያ የጋራ መንገድ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ የቀሩት ሦስቱ ሲመጡ ከእርሱ ጋር መገናኘታቸው አይቀርም። ቀድሞ የገባው ጎንደር ከሆነ ነቀምት ጎንደርን ሳያልፍ ቦታው አይደርስም። ቀድሞ የገባው ነቀምት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጎንደር ነው ነቀምትን የሚያልፈው። ደሴ ወይም ጅማ ከቀደሙ ግን ነቀምት ወደ ግራ፣ ጎንደር ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ በፍጹም አይገናኙም። በመጀመሪያው ምሳሌ የሆነው ይኸው ነው፦ ደሴ ቀድማ ገብታ ሁለቱን ለያየቻቸው።

እንግዲህ ተራው በዕጣ የወጣ ከሆነ ከአራቱ ቀድሞ የመግባት ዕድሉ ለሁሉም እኩል ነው፤ ለእያንዳንዱ 1/4። ስለዚህ ጎንደር በነቀምት መንገድ ላይ የመቆሙ ዕድል 1/4 ነው። በዚሁ ስሌት ጅማ በመንገዱ ላይ የመቆም ዕድሏ 1/3፣ ጎረቤቷ ደሴ ደግሞ 1/2 ነው። በሌላው ወገን ባሕር ዳር 1/2፣ መቀሌ 1/3፣ ሐረር 1/4 አላቸው። የአንድ ቁልፍ ጥልቀት በመንገዱ ላይ የሚቆሙት ቁልፎች ብዛት ስለሆነ የነቀምት አማካይ ጥልቀት የእነዚህ ስድስት ዕድሎች ድምር ነው፦ 2.17 ገደማ። ነጥቡ እዚህ ላይ ነው። ቅርብ ጎረቤት መንገድ ላይ የመቆም ዕድሉ ትልቅ ነው፣ የራቀው ግን በርቀቱ ልክ ዕድሉ እየመነመነ ይሄዳል፤ በመካከል ካሉት አንዱ ቀድሞ ገብቶ ይለያያቸዋልና።

አሁን ከተሞቹ በአንድ ሚሊዮን ቁልፎች ይተኩ፤ የሚፈለገውም በትክክል መሐል ላይ ያለው ቁልፍ ይሁን። በስተቀኙ ግማሽ ሚሊዮን የሚያህሉ ቁልፎች አሉ፤ የመጀመሪያው 1/2፣ ሁለተኛው 1/3፣ ሦስተኛው 1/4 እያለ ይቀጥላል፣ የመጨረሻው በመንገድ ላይ የመቆም ዕድሉ ከግማሽ ሚሊዮን አንድ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ቁጥሮች ቢደመሩም ድምራቸው ትንሽ ነው። ይህን ለማየት ቁጥሮቹን እያጠፉ መቦደን ይጠቅማል። 1/3 እና 1/4 ሲደመሩ 0.58 ገደማ ናቸው። ከ1/5 እስከ 1/8 ያሉት አራቱ 0.63 ገደማ፣ ከ1/9 እስከ 1/16 ያሉት ስምንቱ ደግሞ 0.66 ገደማ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ቡድን ከቀደመው እጥፍ ቁልፎች አሉት፤ ድምሩ ግን ከ0.7 አያልፍም፣ ምክንያቱም ቁልፎቹ በእጥፍ ሲበዙ የእያንዳንዱ ዕድል በግማሽ ይቀንሳል።

ሎጋሪዝም ማለትም ይኸው ነው። አንድ ሚሊዮን ለመድረስ አንድን ቁጥር ሃያ ጊዜ ማጠፍ ይበቃል። ቁልፎቹ ከአንድ ሺህ ወደ ሁለት ሺህ ሲያድጉ ከግራም ከቀኝም ከ0.7 ያልበለጠ ይጨመራል፤ በድምሩ አማካይ ጥልቀቱ የሚጨምረው 1.4 ያህል እርምጃ ነው። ከአምስት መቶ ሺህ ወደ ሚሊዮን ሲያድጉም የሚጨመረው ያው 1.4 ገደማ ነው። ሙሉው ቀመር 2(1 + 1/n)Hₙ − 4 ይባላል፤ Hₙ ከ1 ጀምሮ 1/2፣ 1/3 እያለ እስከ 1/n የሚደመረው ድምር ነው። ለሰባቱ ከተሞች ቀመሩ 1.93 ይሰጣል፤ ከላይ በእጅ የተሠራው ዛፍ 1.86 ነበር።

ይህ ውጤት ፍጹም አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ሰው አቅዶ በተቻለ መጠን የተመጣጠነ ዛፍ ቢሠራ የሚሊዮን ቁልፎች አማካይ ጥልቀት 18 ገደማ ይሆናል። ዕጣው 24.8 ይሰጣል። ሰባት ለማይሞላ ተጨማሪ እርምጃ ሲባል ዛፉን ያለማቋረጥ የማስተካከል ሥራ መቅረቱ ለብዙ ፕሮግራሞች ያዋጣል። የሰባቱ ከተሞች ምሳሌም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። ሰባት ስሞች በ5,040 የተለያዩ ተራዎች ሊመጡ ይችላሉ። ከእነዚህ ፍጹም የተመጣጠነውን ዛፍ የሚሰጡት 80 ብቻ ናቸው፤ ቅርንጫፍ የሌለው ሰንሰለት የሚሰጡትም 64 ብቻ። የቀሩት ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉት በሁለቱ መካከል ያሉ፣ የተንጋደዱ ግን ያልረዘሙ ዛፎች ናቸው።

አማካይ ጥልቀት ጥሩ ሆኖ አንድ ቁልፍ ግን በጣም ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ሉክ ዴቭሮይ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት መሠረት የዛፉ ከፍታ፣ ማለትም ከሁሉ የሚርቀው ቁልፍ ጥልቀት፣ ወደ 4.311 ln n ያድጋል። ይህ ለሚሊዮን ቁልፍ 60 ገደማ ይመጣል፤ እውነተኛው አማካይ ከዚያም ጥቂት ያንሳል። በጣም የከፋው መንገድ እንኳ በሎጋሪዝም ልክ ነው የሚያድገው።

ይህ ሁሉ የቆመው ግን ተራው በእውነት የተዘበራረቀ ነው በሚለው ግምት ላይ ነው፤ መረጃ ደግሞ በዕጣ ተራ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። የተማሪዎች ዝርዝር በስም ተደርድሮ፣ ደረሰኝ በተከታታይ ቁጥሩ፣ የባንክ ዝውውር በሰዓቱ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለ ፋይል በቀጥታ ወደ ዛፉ ሲገባ ከተሞቹ በፊደል ተራ የገቡ ጊዜ የታየው ሰንሰለት ይፈጠራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አማካይ ጥልቀቱ ሲለካ ከ2 ln n እጅግ ይበልጣል፣ መረጃው በእጥፍ ሲያድግም ፍለጋው ሁለት እጥፍ ይዘገያል። መድኃኒቱ ቁልፎቹን ከማስገባት በፊት ማደባለቅ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ እጅ ላይ ከሌሉ ደግሞ ሴሲሊያ አራጎንና ራይሙንድ ሳይደል በ1989 ያቀረቡት «ትሪፕ» የሚባለው ዛፍ አለ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የዕጣ ቁጥር ይሰጠውና ዛፉ ቁልፎቹ በዕጣው ተራ የገቡ ያህል ቅርጽ እንዲይዝ ይደረጋል።

ሌላው አደጋ ከመሰረዝ ይመጣል። ሂባርድ በ1962 ባቀረበው ዘዴ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ቁልፍ ሲሰረዝ ቦታውን የሚወስደው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ያለው ቀጣዩ ቁልፍ ነው። ሂባርድ በዕጣ ከተሠራ ዛፍ አንድ ቁልፍ በዕጣ ተሰርዞ የሚቀረውም በዕጣ የተሠራ እንደሚመስል አረጋገጠ፤ ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሎ ነበር። ጋሪ ኖት በ1975 ግን ከስረዛው በኋላ አዲስ ቁልፍ ሲገባ የዕጣው ባሕርይ እንደሚጠፋ አሳየ። ጄፍሪ ኤፒንገር በ1983 በኮምፒዩተር ባደረገው ሙከራ መሰረዝና ማስገባት እየተፈራረቁ እጅግ ብዙ ጊዜ ሲደጋገሙ ዛፉ መጀመሪያ ትንሽ ይሻሻልና ኋላ ወደ አንድ ወገን እያጋደለ ይበላሻል። ጆሴፍ ከልበርሰን ከሁለት ዓመት በኋላ አማካይ ጥልቀቱ ሎጋሪዝም መሆኑ ቀርቶ ወደ √n ማለትም ወደ ቁልፎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት እንደሚያድግ አሳየ። ኤፒንገር ግን ሌላም ነገር ሞክሮ ነበር። የተሰረዘውን ቦታ የሚሞላው ቁልፍ ከአንድ ወገን ብቻ ከመወሰድ ይልቅ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እንዲወሰድ አደረገ። በሙከራዎቹ ማጋደሉ ጠፋ፤ አማካይ ጥልቀቱም በዕጣ ከተሠራው ዛፍ ጥልቀት በታች ወረደ።