ለልጅ መምህር የሚጻፍ የዓመት መጨረሻ ምስጋና፦ ምን ይጻፍ? መቼ ይሰጥ?

ሰኔ ሲያልቅ በደብረ ማርቆስ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት በጎዛምንና በስናን ገጠሮች ትምህርት ቤቶች የዓመቱን ካርድ ይሰጣሉ። ወላጅ ካርዱን ተቀብሎ ለመምህሩ እጅ ይነሣና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፊት ለፊት ለሚነገር ምስጋና ይህ ይበቃል፤ መምህሩ ማን ስለ ምን እንደሚያመሰግነው ያውቃልና።

በወረቀት ሲሆን ግን ምስጋናው ሌላ አንባቢ ያገኛል። ደብዳቤው ወይም ግልባጩ ለርዕሰ መምህሩ ከደረሰ በመምህሩ የግል ማህደር ሊቀመጥ ይችላል። መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ዝውውር ቢጠይቅ ወይም ስለ ሥራው ምስክር ቢያስፈልገው፣ ያን ወረቀት የሚያነበው ክፍሉን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ለዚያ ሰው «ለልጄ ላደረጉለት ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል ምንም አይነግረውም። መምህሩ ያደረገውን አንድ ሥራ፣ ሥራው ያስከተለውንም ለውጥ መንገር አለበት።

ያን አንድ ሥራ ለማግኘት ወላጅ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አያሻውም። ልጁን «መምህርህ ዘንድሮ ምን አደረገልህ?» ከማለት ይልቅ «በመስከረም የማትችለው፣ አሁን የምትችለው ምንድን ነው? እንዴትስ አስተማሩህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቀጥሎ የመስከረሙንና የግንቦቱን ደብተር ጎን ለጎን ማየት ነው። ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ የፊደሉን አጣጣል፣ የቀይ እስክሪብቶውን እርማት፣ ባዶ የቀሩትን ገጾች ያያል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በስናን ገጠር የሚኖሩ አንድ አባት የ2ኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አላቸው እንበል። ልጁ በመስከረም ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርደዋል፤ ቤተ ሰቡም ማንበብ የቻለ መስሎታል። መምህርቷ ግን በጥቅምት አንድ ፊደል ለብቻው ስታሳየው ልጁ ከመጀመሪያው ካልተነሣ ሊለየው እንደማይችል ታስተውላለች። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ፤ ጆሯቸው ተራውን ይይዛል፣ ዓይናቸው ግን ቅርጹን አይለይም። መምህርቷ ካርቶን ቆርጣ ፊደሎቹን በየተራ ትጽፍባቸውና እያቀላቀለች በእረፍት ሰዓት ታስጠናዋለች። በግንቦት ልጁ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ በመጣው የማዳበሪያ ደረሰኝ ላይ የአባቱን ስም ያነባል። ምስጋናው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ2ኛ ክፍል ሀ መምህርት …

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ልጄ በመስከረም ፊደል የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። በጥቅምት ጠርተው በዜማ ብቻ እንደያዘው አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ፊደሉን በካርቶን ጽፈው፣ እያቀላቀሉ፣ በእረፍት ሰዓትዎ አስጠኑት። በግንቦት የማዳበሪያ ደረሰኝ ስቀበል ስሜን አነበበልኝ። በቤታችን ደረሰኝ አንብቦ የሚነግረን ሰው አልነበረም። ለዚህ ሥራዎ አመሰግንዎታለሁ፤ እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልዎ።

የተማሪ … አባት
ስምና ፊርማ

ግልባጭ፦ ለርዕሰ መምህሩ»

ደብዳቤው አጭር ቢሆንም ጊዜው፣ ችግሩ፣ መምህርቷ የወሰደችው እርምጃና ውጤቱ በቅደም ተከተል አሉበት። መምህርቷ በዕድሜ ከአባትየው ብታንስ እንኳ በወረቀት ላይ «እርስዎ» ትባላለች። «አሳዩኝ» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ «አስጠናሽው» ማለት አንባቢውን ስለሚያደናግር፣ ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ ለዚሁ ሲባል ማንበብ ይጠቅማል። የልጁ ስም፣ ክፍሉና ምድቡ ካልተጻፈ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማህደሩን የሚያይ ሰው ስለ ማን እንደተጻፈ አያውቅም።

ወላጁ መጻፍ የማይችል ከሆነ ጎረቤት ወይም ከፍ ያለ ክፍል የሚማር ልጅ ይጽፍለታል። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ችግር ጸሐፊው የለመደው የማመልከቻ ቋንቋ መሆኑ ነው። ወላጁ «ደረሰኙን አነበበልኝ» ሲል ጸሐፊው «ከፍተኛ የትምህርት ውጤት አስመዝግቧል» ብሎ ይጽፋል፤ ዋናው ነገርም ይጠፋል። ስለዚህ ወላጁ አስቀድሞ «እኔ እንደምናገረው ጻፈው» ይበል፤ ሲያልቅ ጮክ ብሎ ያስነብበው፤ የራሱን ቃል ከሰማ በኋላ የጣት አሻራውን ያኑርበት። ጸሐፊውም ስሙን ከታች ቢያሰፍር ጥሩ ነው።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ስለ ውጤት ሲጻፍ ነው። «ጥሩ ማርክ ስለሰጡልኝ» ወይም «1ኛ ስላወጡልኝ» የሚል ምስጋና በቅንነት ቢጻፍም መምህሩን ይጎዳል። ማርክ ልጁ ፈተና ሠርቶ የሚያገኘው ነው፤ ደረጃውም ከሌሎቹ ልጆች ውጤት ጋር ተነጻጽሮ የሚወጣ ነው። «ሰጡልኝ» ሲባል መምህሩ ያዳላ ያስመስላል፤ ያ ወረቀት ደግሞ ማህደር ውስጥ ይቀመጣል። ልጁ ደረጃ አግኝቶ ከሆነ «ክፍልፋይ አልገባው ሲል ደግመው ስላስረዱት» ብሎ ሥራውን መጥቀስ ይገባል። ቅሬታም ካለ ለብቻው በቃል ወይም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ይቅረብ፤ ምስጋናው ውስጥ ሲገባ ሁለቱም ይበላሻሉ።

በዚሁ ምክንያት ጊዜውም ወሳኝ ነው። የመጨረሻው ፈተና ታርሞ ካርዱ ሳይሰጥ የሚደርስ ምስጋና፣ በተለይ ስጦታ ካለው፣ ማርክ ለመጠየቅ የመጣ ይመስላል። ካርዱ ከተሰጠ በኋላ ያ ጥርጣሬ አይኖርም። እጅግ መዘግየትም አይበጅም፤ ብዙ መምህራን ትምህርት እንደተዘጋ ለክረምት ትምህርት ወደ ኮሌጅ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም በዝውውር ይለቃሉ። ፖስታም በየቤቱ አይታደልም። ስለዚህ ደብዳቤው ካርድ በሚሰጥበት ቀን ተጽፎ ተይዞ ቢኬድ፣ ካርዱን ከተቀበሉ በኋላ ለመምህሩ በእጅ፣ ግልባጩም ለርዕሰ መምህሩ ቢሰጥ ይመረጣል።

ስጦታ ለመጨመር የሚፈልግ ወላጅ አነስተኛ ነገር ቢመርጥ መምህሩን አያስጨንቅም። ወሩ የሰኔ ጾም የሚጾምበት ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ለጾመኛ መምህር እንቁላል ወይም ቅቤ ከመውሰድ ይልቅ የገብስ ቆሎ ወይም ድንች ይመቸዋል። ምንም ባይጨመርም ደብዳቤው ብቻውን ሙሉ ነው።

መምህሩ በክፍል ውስጥ የሚያየው ልጁ ጥያቄ ሲመልስና ሲሳሳት ነው። የተማረው ነገር ቤት ውስጥ ምን እንደሠራ ግን ወላጅ ካልነገረው አያውቅም። በምሳሌያችን ያለችው መምህርት በመስከረም አዲስ ልጆች ስትቀበል፣ በካርቶን ያደረገችው ድካም ልጁን ደረሰኝ እስከ ማንበብ እንዳደረሰው ስለምታውቅ፣ ፊደሎቹን ገና በመጀመሪያው ሳምንት እያቀላቀለች ማሳየት ትጀምራለች። ስለዚህ ወላጅ ምስጋናውን ሲጽፍ ቤት ውስጥ በዓይኑ ያየውን ለውጥ ሳይጠቅስ አይለፍ።