መሐሉ የረገበ ረቂቅ፦ አርታኢ የትረካን ፍጥነት እንዴት ይመረምራል?



አንባቢ «መሐሉ አሰለቸኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚደረገው የገጹ ብዛት ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የባላገሩ አመፅ ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ፍቅር ራቅ የሚል ሰፊ ትረካ ነው፤ ሆኖም ፊታውራሪ መሸሻ ዘምተው ሲማረኩ የቤቱ ሥልጣን ይናጋልና ትረካው አይረግብም። መሐል የሚረግበው ምዕራፉ ሲያልቅ የገጸ ባሕርይዋ ሁኔታ ሲጀምር እንደ ነበረው ሲቀር ነው።

ለማሳያ 24 ምዕራፍ ያለው ረቂቅ በሐሳባችን እንፍጠር። ዘሃራ የምትባል የሐርቡ ልጅ አጎቷ የወሰደባትን የአባቷን የእርሻ ይዞታ ለማስመለስ ትነሣለች። በምዕራፍ 9 ውሉን የፈረመ አንድ ምስክር በሕይወት እንዳለ ትሰማለች። ከዚያም እስከ ምዕራፍ 14 ድረስ ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ ታርፋለች፣ ገበያ ትጠይቃለች፣ ደሴ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ምስክሩን የምታገኘው በምዕራፍ 15 ነው።

አርታኢው በመጀመሪያ ንባቡ ብዕር አያነሣም፤ ትኩረቱ የላላበትን ገጽ ብቻ ያስታውሳል። በሁለተኛው ንባብ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ መስመር ምን እንደ ተፈለገ፣ ምን እንዳገደ፣ ምን እንደ ተለወጠ ይጽፋል። እዚህ ከ10 እስከ 14 ያሉት መስመሮች ሁሉ «ጠየቀች፤ አላገኘችም» ይላሉ። ምዕራፎቹን የሚያያይዘው ቃልም «ስለዚህ» ሳይሆን «ከዚያም» ነው። ምዕራፍ 12ን አውጥተን 13ን ብናነብ የሚጎድለን ነገር የለም።

አሁን ወደ ኅዳጉ እንመጣለን። ልምድ ያልዳበረ አርታኢ ምዕራፍ 12 ላይ «ይጠር» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን አንባቢው የሰለቸው በ12 ቢሆንም ድካሙ የጀመረው በ9 ነው፤ ዘሃራ ብትዘገይ የምታጣው ነገር አልተነገረንምና። ስለዚህ ከ10 እስከ 14 በኅዳጉ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፤ ዋናው ማስታወሻ ግን ምዕራፍ 9 ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ «የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ መቼ ነው? ምስክሩ እስከዚያ ባይገኝ ምን ይሆናል?» በምዕራፍ 11 ደግሞ፦ «አክስቲቱ የምታውቀው ነገር ይኖር ይሆን?» ተብሎ ይጠየቃል።

ማስታወሻው በጥያቄ መልክ የሚጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አርታኢው ችግሩ ያለበትን ቦታ ያሳያል፤ መፍትሔው የደራሲው ነው። ደራሲዋ ቀጠሮውን በምዕራፍ 9 ብታስገባ ከአምስቱ ምዕራፎች ሁለቱ ሊበቁ ይችላሉ፤ የቀሩትም ፍለጋዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቀን ያስከፍሏታል።

አንድ ገደብ ልጨምር። ዝግታ ሁሉ ርግበት አይደለም። አክስቲቱ ቡና እያፈላች የምታወጋበት ገጽ ምንም ድርጊት ባይኖረውም፣ የአጎቷን ጠባይ ለእኛ ከገለጠ ቦታው ይገባዋል። በእንዲህ ያለው ገጽ ኅዳግ ላይ እኔ የምጽፈው «ይቆይ» ብዬ ነው፤ ደራሲው በጥድፊያ ሲያሳጥር አብሮ እንዳይቆርጠው።