«ነገ እሄዳለሁ» ስንት እንግሊዝኛ አለው?

አንዲት ተማሪዬ በዋሽንግተን አካባቢ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች። አንድ ረቡዕ ማታ ተቆጣጣሪዋ ደውላ ቅዳሜ መግባት ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት። ቅዳሜ የእህቷ ልጅ ሠርግ ነው። የሐበሻ ቀሚሷ ከተሰፋ ወር አልፎታል፤ ከሌላ ከተማ የሚመጡትን እንግዶች ከኤርፖርት የምትቀበለውም እሷ ናት። «ኖ፣ አይ ዊል ጎ ቱ ኤ ዌዲንግ» ብላ መለሰች። ለአፍታ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ሌላ ሰው እንደምትፈልግ ተናግራ ስልኩን ዘጋች። ልጅቷ በማግስቱ ክፍል ስትመጣ «ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የነገርኳት» አለችኝ።

አላጠፋችም፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የተሰበረ ሰዋስው የለም። ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ በዚያ «ዊል» ውስጥ የሚሰማው «እንግዲያው እኔ ሠርግ እሄዳለሁ» የሚል ነገር ነው። ጥያቄው ሲመጣ ውሳኔው እዚያው የተወለደ ይመስላል። ወር ሙሉ የተዘጋጀችበት ሠርግ ከሥራ ለመቅረት የተፈጠረ ምክንያት መሰለባት።

ነገሩ የሚመጣው ከራሳችን ቋንቋ ነው። የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት የወደፊቱን ጊዜ «ትንቢት» ይሉታል። «እሄዳለሁ» የሚለው አንዱ ቅርጽ ከወር በፊት የተቆረጠውን ጉዞም፣ በልብ የታሰበውንም፣ አሁን ብድግ ብለን የምንወስነውንም ይሸከማል። ትምህርት ቤት ደግሞ «ትንቢት ማለት ዊል ነው» ተብለን ስለተማርን «እሄዳለሁ» ባልን ቁጥር «ዊል» እናወጣለን። እንግሊዝኛ ግን ስለ ነገ ሲናገር ከጊዜው ይልቅ ጉዳዩ ዛሬ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ይጠይቃል። ተቆርጧል? ታስቧል? ወይስ ገና አሁን መጣ?

ከተቆረጠው እንጀምር። ሌላ ሰው የሚያውቀው፣ ቀን የተያዘለት፣ ትኬት የተገዛለት ነገር በፕረዘንት ኮንቲኒየስ ይነገራል፤ «አይም ሚቲንግ ዘ ዶክተር ኦን መንዴይ» እንደሚባለው። ለእኛ ይህ ይከብደናል፤ «ሰኞ ዶክተሩን እያገኘሁት ነው» ብንል ጆሯችን አይቀበለውም። «እየ» ለእኛ ዓይናችን ሥር ላለ ሥራ ነው። ታዲያ አማርኛ ለዚህ ቦታ ምን ይላል? «ሰኞ ቀጠሮ አለኝ፤ ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ» ይላል። ለተማሪዎቼ የምሰጠው መለያ ይህ ነው፦ በአማርኛ «አለኝ» ወይም «አለብኝ» ለማለት አፋችሁ ከተዘጋጀ፣ በእንግሊዝኛው ኮንቲኒየሱን አውጡ። ጊዜውን የሚጠቁም ቃል ግን አይቅር፤ ወሬው አስቀድሞ ስለ ነገ ካልሆነ በቀር «አይም ኩኪንግ» ብቻውን «ወጥ እየሠራሁ ነው» ማለት ነው፤ «ቱናይት» ሲጨመርበት የዛሬ ማታ ዝግጅት ይሆናል። ከሰው ጋር ሊቀጣጠሩበት የማይቻል ነገርም በዚህ ቅርጽ አይነገርም። ዝናብ ቀጠሮ ስለማይይዝ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ቱሞሮው» አይባልም።

የታሰበው የ«ጎይንግ ቱ» ነው፤ እኔ ከሦስቱ አብልጬ የምወደውም ይህን ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ ውስጥ ሥጋ ዘመድ አለው። ሐረጉ ጥንት እውነተኛ መንገድ ነበር፤ ሰውየው አንድ ነገር ሊያደርግ በእግሩ ይሄዳል። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ መሄዱ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ሐሳቡ ብቻ ቀረ፤ ዛሬ ከወንበሩ ሳይነሳ «አይም ጎይንግ ቱ ስሊፕ» ይላል። የእኛን ደግሞ ተመልከቱ። «ቤት ሊገዛ ሄደ» ስንል «ሊ» የመሄዱን ዓላማ ትናገራለች። መሄዱን አንስተን «ቤት ሊገዛ ነው» ብንል እዚያው ቦታ ላይ «ሂ ኢዝ ጎይንግ ቱ ባይ ኤ ሃውስ» ቆሞ እናገኘዋለን። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ ከዓላማ ተነስተው ነገ ላይ ደርሰዋል።

ዝምድናው ትንበያ ላይ ይበልጥ ይታያል። በክረምት ደመናው ጠቁሮ ነፋሱ ሲነሳ እናት «ሊዘንብ ነው፣ ልብሱን አስገቢ!» ትላለች። ምልክቱ ዓይኗ ፊት ስላለ «ይዘንባል» አትልም። እንግሊዝኛም እዚህ «ኢትስ ጎይንግ ቱ ሬይን» ነው የሚለው። ልጁ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሲያስቀምጥ «ሊወድቅ ነው!» ብለን የምንጮኸውም እንዲሁ ነው። ምልክት ሳይኖር፣ ከግምት ወይም ከእምነት ብቻ ስንናገር ግን «ዊል» ይመጣል፤ «የሚያሸንፉ ይመስለኛል» ለማለት «አይ ቲንክ ዘይል ዊን» እንላለን። ይህ ድንበር ጥብቅ አይደለም፤ ብዙ ትንበያ በሁለቱም ቢነገር አድማጭ አይከፋም። ጥርት ብሎ የሚለየው ነገሩ ሊሆን አንድ ሐሙስ ሲቀረው ነው። የሚወድቀውን ብርጭቆ በ«ዊል» የሚናገር ሰው ብርጭቆው መሬት ላይ ሳለ የደረሰ ይመስላል።

«ዊል» ራሱ በጥንት እንግሊዝኛ «መፈለግ» ነበር፤ ኑዛዜ እስካሁን በዚሁ ቃል የሚጠራው የሟቹ ፈቃድ ስለሆነ ነው። ያ ፈቃድ ከቃሉ ጨርሶ አልወጣም። «መኪናው አልነሳ አለ» የምንለውን እንግሊዞች «ዘ ካር ዎንት ስታርት» ይሉታል፤ እኛም እነሱም ለብረት እምቢታ ሰጥተነዋል። አሁን ብልጭ ያለ ውሳኔ የ«ዊል» የሆነውም ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ፈቃዱ እዚያው ሲወለድ ይሰማል። በር ሲንኳኳ «ቆይ፣ እኔ ልክፈት» የምንለው «አይል ጌት ኢት» ነው። እዚህ «አይም ጎይንግ ቱ ጌት ኢት» የሚል ሰው መንኳኳቱን አስቀድሞ ያውቅ የነበረ ይመስላል። «አይ ኦፕን ኢት» ማለትም አይሆንም፤ ይህ ስህተት ከሐበሻ አፍ ደጋግሞ ይወጣል። ዜናና ደብዳቤ ግን ሌላ ልማድ አላቸው። የመሪዎች ጉብኝት ከወራት በፊት ቢቆረጥም ዜና አንባቢው በ«ዊል» ይናገራል። ስለዚህ ከዜና የተማረ ሰው ቃሉን ወደ ስልክ ወሬ ሲያመጣው ይሳሳታል።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ማለት የነበረባት «አይም ጎይንግ ቱ ኤ ዌዲንግ ኦን ሳተርዴይ» ነበር። ይህን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ አንድ ተማሪ «ይኸው ጎይንግ ቱ!» አለ። አይደለም። ከኋላው የመጣው «ሠርግ» ነው፣ ግሥ አይደለም፤ ስለዚህ «ጎ» በእውነት ይሄዳል፣ ዓረፍተ ነገሩም ኮንቲኒየስ ነው። «አይም ጎይንግ ቱ ዳንስ» ቢሆን ከኋላው ግሥ ስላለ የታሰበው ይሆናል። ልጅቷ ሠርጉን ስትናገር የመጀመሪያውን፣ እስክስታውን ስታስብ ሁለተኛውን ትፈልጋለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተቆጣጣሪዋ ደግማ ደወለች፤ የፈለገችው ቅዳሜ እንዲገባላት ነበር። ልጅቷ «ሶሪ፣ አይም ቴኪንግ ማይ ማዘር ቱ ዘ ዶክተር» አለች። ሴትየዋ «እሺ፣ ገባኝ። እሑድስ የሚገባልኝ ባገኝ» ስትላት ትንሽ አሰበችና «ኦኬ፣ አይል ዱ ሰንደይ» ብላ መለሰች።