ከአቦል በፊት አንድ ቁራሽ ጎደሬ

ቡና በባዶ ሆድ ሲጠጡ ለምን ያቅለሸልሽዎታል? ወደ መጸዳጃ ቤት የሚያስሮጥዎስ ምንድን ነው?

ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሚዛን ተፈሪ ሄደዋል እንበል። ወደ ቴፒ የሚወስድዎ ሚኒባስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሳል ተብለዋል። ያሳደሩዎት እናት ግን ቡና ሳይቀምሱ ከቤታቸው እንዲወጡ አይፈቅዱም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አቦሉ ይቀርባል። እሳት ላይ የተጣደው ጎደሬ ገና አልበሰለም፤ እርስዎም ቸኩለዋል። ሁለት ሲኒ ጠጥተው፣ አመስግነው ወደ መናኸሪያ ይሮጣሉ።

ሚኒባሱ ከከተማ ወጥቶ ጠመዝማዛውን መንገድ ሲይዝ ግንባርዎን ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፤ ምራቅዎ ይበዛል፤ ያቅለሸልሽዎታል። ቀጥሎ ደግሞ ሆድዎ ይታመስና “ረዳት፣ እባክህ አንዴ አስቁምልኝ” ለማለት ይገደዳሉ። በኔ ላይ የደረሰው እንዲሁ ነው። ያን ዕለት “የሚዛን ቡና ከበደኝ” አልኩ። ጥፋቱ ግን የቡናው አልነበረም። የቤንች፣ የሸካና የከፋ ደን ቡና ዐረቢካ ነው፤ ዐረቢካ ደግሞ የካፌይን መጠኑ ከሮቡስታ በግማሽ ገደማ ያንሳል። ነገሩ ያለው አጠጣጡና ሰዓቱ ላይ ነው።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እንለይ። ማቅለሽለሹና ወደ መጸዳጃ መሮጡ አብረው ስለሚመጡ አንድ ይመስላሉ እንጂ መንስኤያቸውም መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ወደ መጸዳጃ የሚያስሮጠው

ብዙ ሰው የጠጣው ቡና ራሱ አንጀቱን አጥቦ የሚወርድ ይመስለዋል። ይህ ሊሆን አይችልም፤ የጠጡት ነገር ትልቁ አንጀት እስኪደርስ ሰዓታት ይወስዳል። በ1990 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ይፋ የሆነ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከተጠየቁት 99 ጤነኛ ወጣቶች መካከል 29 በመቶው ቡና ወደ መጸዳጃ እንደሚገፋፋቸው ተናገሩ። ከዚያ የተወሰኑት ላይ የአንጀት እንቅስቃሴ ሲለካ፣ ቡናው የሚገፋፋቸው ሰዎች የታችኛው አንጀት በጠጡ በ4 ደቂቃ ውስጥ መኮማተር ጀመረ፤ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓትም ቀጠለ።

4 ደቂቃ ማለት ቡናው ገና ጨጓራ አካባቢ ነው። ወደ ታች የወረደው መልእክቱ ብቻ ነው። ቡና ጨጓራ ሲገባ ጋስትሪን የተባለ ሆርሞን እንዲጨምር ያደርጋል፤ በነርቭና በሆርሞን በኩልም ትልቁ አንጀት “የሚመጣ አለ፣ ቦታ ልቀቅ” የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ጠዋት ደግሞ አንጀት ራሱ ከእንቅልፍ ነቅቶ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው፤ ቡናው በዚያ ላይ ይጨመርበታል።

በዚያው ጥናት የፈላ ውኃ ብቻውን ይህን አላደረገም። ካፌይን የወጣለት ቡና ግን አደረገ። ስለዚህ ካፌይን ያግዛል እንጂ ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ በቡናው ውስጥ ያሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮችም ድርሻ አላቸው።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ምግብ ራሱ ለአንጀት ይህንኑ መልእክት ይልካል። ስለዚህ ቁርስ መብላት የመጸዳጃውን ጥድፊያ ላያስቀርልዎ ይችላል። እሱን የሚፈታው ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ሲኒ ከቤት ከመውጣትዎ ቢያንስ 45 ደቂቃ ቀደም ብለው ከጠጡ አንጀትዎ ሥራውን ቤት ሳሉ ይጨርሳል።

የሚያቅለሸልሸው

ማቅለሽለሹ ግን የባዶ ሆድ ጉዳይ ነው። ቡና ጨጓራ አሲድ እንዲያመነጭ ያነሳሳል። እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ጎደሬ ካለ አሲዱ የሚሠራበት ነገር ያገኛል፤ ከሌለ የጨጓራውን ግድግዳ ይነካካል፤ አንዳንዴም ወደ ላይ ወጥቶ ቃር ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሆድ ባዶ ሲሆን ካፌይን ቶሎ ወደ ደም ይገባል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታትና ቀዝቃዛ ላብ ከማቅለሽለሹ ጋር የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው። በመኪና መናጥ ሲጨመርበት ይብሳል።

መጠኑንም እናስላው። 20 ግራም የተወቀጠ ዐረቢካ፣ ማለትም አራት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ 240 ሚሊግራም ያህል ካፌይን ይይዛል። አብዛኛው የሚወጣው በአቦሉ ነው። አቦሉ ለአራት ሲኒ ቢደርስ፣ አንዱ ሲኒ ቢበዛ 60 ሚሊግራም ይይዛል። እንግዳ መጣ ተብሎ ቡናው እጥፍ ሲደረግ ግን ሲኒው እስከ 120 ሊደርስ ነው፤ ሁለት ሲኒ 240 ማለት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤነኛ አዋቂ በአንድ ጊዜ የሚያሰጋ አይደለም ያለው እስከ 200 ሚሊግራም ድረስ ነው። ለነፍሰ ጡር ደግሞ 200ው የቀኑ ሙሉ መጠን ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ካፌይኑ ከሰውነትዎ የሚወጣው ከሌላው ሰው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ ቶናውንና በረካውን ይምረጡ።

ምን ይደረግ?

መልሱን የደቡብ ምዕራብ እናቶች ያውቁታል። በሚዛንና በቴፒ ቤቶች ከጀበናው ጎን የተቀቀለ ጎደሬ፣ በቆሎ ወይም ሙዝ አይጠፋም፤ አዲስ አበባ ላይ ዳቦውና ቆሎው እንደማይጠፋው ማለት ነው። ስህተታችን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ቡናውን፣ ኋላ ቁርሱን እናደርጋለን። ይገልብጡት። አንድ ቁራሽ ጎደሬ ወይም ግማሽ ዳቦ በሉና 15 ደቂቃ ያህል ቆይተው ይጠጡ። ጀበናው በደንብ ይጥለል። ቡናውንም በደንብ ያስቆሉት፤ ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና፣ ለጋ ከተቆላው ያነሰ አሲድ እንደሚያነሳሳ በጥናት ታይቷል።

ቡናው ባይሆንስ?

ጥርጣሬ ካለዎት ለአንድ ሳምንት ቡናውን ይተዉ። በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ራስ ምታት ስለሚያስከትል በየቀኑ አንድ ሲኒ እየቀነሱ ይጀምሩ። ምልክቱ ከጠፋና ቡናውን ሲመልሱ ከተመለሰ መልሱን አገኙ። በጀበና ቡና ደህና ሆነው በማኪያቶ ብቻ ሆድዎ የሚነፋና የሚያስቀምጥዎ ከሆነ ደግሞ የሚጠረጠረው ወተቱ ነው፤ ብዙ አዋቂዎች የወተትን ስኳር መፍጨት ይቸግራቸዋል።

ቡናውን ትተውም ሕመሙ ከቀጠለ ግን “የቡና ነው” ብለው አይቀመጡ። በአገራችን ብዙ ሰው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ጨጓራው ውስጥ አለ፤ ቁስለት ያለበት ሰው ቡናው ሕመሙን ይቀሰቅስበታል እንጂ መነሻው ቡናው አይደለም። ምርመራውም ሕክምናውም አለ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

በመልሱ ጉዞዬ እኚያው እናት ቤት አደርኩ። በዚህኛው ጠዋት ግን ቀድሜ ተነሳሁ። “አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ጎደሬው ሳይበስል አትሄድም” አሉኝ። እሱን በላሁ፣ አቦሌን ጠጣሁ፣ መጸዳጃ ቤት ደርሼ ተመለስኩ፤ ከዚያ ነው መናኸሪያ የሄድኩት። ረዳቱን ለማስቆም የተገደድኩበት ጊዜ አልነበረም።