መደርደሪያው ሞልቶ መድኃኒት የሚጠፋው ለምንድን ነው?

የአንድ ፋርማሲ ገንዘብ በመድኃኒቶቹ ላይ እኩል አይከፋፈልም። የእያንዳንዱን የዓመት ፍጆታ በመግዣ ዋጋው አባዝተው ከትልቁ ወደ ትንሹ ቢደረድሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂቶቹ ከበጀቱ 70 እስከ 80 በመቶውን ይወስዳሉ። እነዚህ ምድብ «ኤ» ይባላሉ፤ መካከለኞቹ «ቢ»፣ ብዙዎቹ ርካሾች ደግሞ «ሲ» ናቸው። በየጊዜው በጥንቃቄ መቆጠር ያለበት «ኤ» ነው።

ለምሳሌ በዓመት 1,200 ብልቃጥ ኢንሱሊን የሚሸጥ ፋርማሲ እናስብ። አንድ ጊዜ ማዘዝ በትራንስፖርትና በሠራተኛ ጊዜ 600 ብር ያስወጣል፤ አንዱን ብልቃጥ ዓመት ሙሉ ማቆየት ደግሞ በታሰረ ገንዘብ፣ በፍሪጅና በብልሽት 100 ብር። ፎርድ ሃሪስ በ1913 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ስሌት ቀላል ነው፦ ሁለት ጊዜ 1,200 ጊዜ 600፣ ሲካፈል ለ100፣ ውጤቱ 14,400 ይሆናል። ስኩዌር ሩቱ 120 ነው። በዓመት አሥር ጊዜ ማዘዝ ማለት ነው፤ ወጪውም 12,000 ብር።

በየወሩ 100 ቢያዝዝ ወጪው 12,200 ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ በጥቂት ብልቃጥ መጨነቅ አያስፈልግም። በየሦስት ወሩ 300 ቢያዝዝ ግን 17,400 ይደርሳል።

ስሌቱ ፍላጎቱም አቅርቦቱም የማይዋዥቅ አድርጎ ይወስዳል። አቅራቢው ከዘገየ መጠባበቂያ ክምችት የግድ ነው። ምድቡም የሚያየው ብርን ብቻ ነው፦ አድሬናሊን በዋጋው «ሲ» ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ በከባድ አለርጂ ለሚታፈን ሕመምተኛ ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ ሕይወት አድን መድኃኒቶች ከዋጋቸው ተነጥለው ሌላ ዝርዝር ሊኖራቸው ይገባል።