«እከፍላለሁ» ያለው ማነው?

በአማርኛ በር ሳይቀር ይናገራል። ቁልፉ ገብቶ እጀታው አልዞር ሲል ሰው «በሩ አልከፈት አለኝ» ይላል። «አልከፈት» አንደኛ መደብ ነው፤ ቃሉ የተሰጠው ለበሩ ነው። መኪናው አልነሳ ይላል፣ ሕፃኑ አልበላ ይላል፣ ካሳም ነገ እመጣለሁ ይላል። አማርኛ ተናጋሪ የሌላውን ንግግር ሲያደርስ ቃሉን ከነመደቡና ከነጊዜው አንሥቶ እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ መጨረሻው ላይ «አለ» ከጨመረ በቂ ነው። ሰሚውም ነገ የሚመጣው ካሳ እንጂ ወሬውን ያደረሰው ሰው አለመሆኑን ወዲያው ይረዳል።

ይህ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ነው ችግር የሚፈጠረው። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ለአለቃው «ዘ ከስተመር ሴድ አይ ዊል ፔይ ቱሞሮው» ብሎ ጻፈ እንበል። በልቡ ያለው «ደንበኛው ነገ እከፍላለሁ አለ» የሚለው ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ትእምርተ ጥቅስ በሌለበት «አይ» የሚለውን ሲያገኝ ጸሐፊውን ይይዛል። መልእክቱም «ደንበኛው፣ ነገ የምትከፍለው አንተ ነህ አለኝ» የሚል ይሆናል፤ ዕዳው በአንዲት ተውላጠ ስም ከደንበኛው ወደ ሠራተኛው ዞረ ማለት ነው። ትክክለኛው «ዘ ከስተመር ሴድ ሂ ዉድ ፔይ ዘ ኔክስት ዴይ» ነበር። «አይ» «ሂ» ሆነ፣ «ዊል» «ዉድ» ሆነ፣ «ቱሞሮው»ም «ዘ ኔክስት ዴይ» ሆነ።

የሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት የቋንቋ ፈላስፎችንም አነጋግሯል። አሜሪካዊው ዴቪድ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጽሑፉ «እኔ» የሚለው ቃል ዘወትር የሚያመለክተው አሁን እየተናገረ ያለውን ሰው ነው ሲል ተከራከረ። ይህን የሚያዛንፍ የሰዋስው መሣሪያ ቢኖር «ጭራቅ» ነው አለ፤ እንግሊዝኛ ውስጥ እንደሌለም ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2003 ፊሊፕ ሽሌንከር የተባለ የሥነ ልሳን ሊቅ ባሳተመው ጥናት የካፕላንን ሐሳብ ሲሞግት ካቀረባቸው ዋና ማስረጃዎች አንዱ አማርኛ ነው። «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» ሲባል ጀግናው ጆን እንጂ ተናጋሪው አይደለምና። እንግዲህ «ሂ ሴድ አይ ዊል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሰነፍ ሊባል አይገባም። የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሕግ በታማኝነት ተከትሎ ነው የተሳሳተው።

በብዙ ክፍሎች ትምህርቱ የሚጀምረው በሰንጠረዥ ነው። በግራ «ዊል»፣ በቀኝ «ዉድ»፤ በግራ «ካን»፣ በቀኝ «ኩድ»፤ ተማሪው ዓምዶቹን ሸምድዶ ወደ መልመጃው ይገባል። ይህ አካሄድ መንገዱን ከጭራው ይጀምረዋል። ግሱ ከመነካቱ በፊት ማን ለማን ተናገረ፣ አሁንስ ማን ለማን፣ መቼ እያደረሰ ነው የሚለው መታወቅ አለበት። ተውላጠ ስሙም፣ ጊዜውም፣ «ትናንት» እና «ነገ»ም የሚለወጡት በዚሁ መልስ ነው።

በአንድ ምሳሌ እንየው። ሰላም የአበበን መጽሐፍ ጥላለች፤ እንዲህም አለችው፦ «አይ ሎስት ዩር ቡክ ዬስተርዴይ፣ በት አይ ዊል ባይ ዩ ኤ ኒው ዋን ቱሞሮው።» መልመጃው ይህን ወደ ኢንዳይሬክት ስፒች ለውጡ ይላል። ሁለቱንም የማይመለከተው ሦስተኛ ሰው ከሳምንት በኋላ ቢያወራው «ሰላም ቶልድ አበበ ዛት ሺ ሃድ ሎስት ሂዝ ቡክ ዘ ዴይ ቢፎር፣ በት ዛት ሺ ዉድ ባይ ሂም ኤ ኒው ዋን ዘ ኔክስት ዴይ» ይላል። የሚያወራው ራሱ አበበ ከሆነ «ሂዝ ቡክ» ወደ «ማይ ቡክ»፣ «ባይ ሂም» ወደ «ባይ ሚ» ይዞራል። ሰላም ራሷ ለጓደኛዋ ብትነግረው ደግሞ «አይ ቶልድ አበበ ዛት አይ ሃድ ሎስት ሂዝ ቡክ» ትላለች፤ «አይ» ባለበት ይቀራል። አንድ ንግግር ነው፤ ሦስት አድራሾች ሦስት ዓይነት ተውላጠ ስም አወጡለት። «‹አይ› ሁሌ ወደ ሦስተኛ መደብ ይለወጣል» ብሎ የሸመደደ ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያግዝ ድልድይ አለ፤ ያውም ከራሱ ቋንቋ። አማርኛ ከ«አለ» ሌላ «እንደ… ነገረው» የሚል አባባል አለው። «ነገ እመጣለሁ አለኝ» የሚለው «እንደሚመጣ ነገረኝ» ሲባል «እመጣለሁ» የነበረው ሳይጠሩት «የሚመጣ» ሆኖ ይገኛል። የሰላምም ንግግር «መጽሐፉን እንደጣለችበትና አዲስ እንደምትገዛለት ነገረችው» ይሆናል፤ አበበ ሲያወራው «መጽሐፌን እንደጣለችብኝና አዲስ እንደምትገዛልኝ ነገረችኝ» ይላል። ማን ለማን የሚለው በአማርኛው ውስጥ ተስተካክሎ አለቀ። ወደ እንግሊዝኛ መሻገር ያለበት ይህ ዓረፍተ ነገር እንጂ «አለ» ያለበት አይደለም። ከመልመጃው ዳር በእርሳስ «እንደ…» ብሎ መጻፍ ብቻ ብዙዎቹን የተውላጠ ስም ስሕተቶች ያስቀራል።

ድልድዩ የማያሻግረው ጊዜን ነው። በአማርኛ «እንደሚመጣ ነገረኝ» ሲባል ነገሩ ትናንት ቢነገር ዛሬ «የሚመጣ» ያው ነው። እንግሊዝኛ ግን ነገሩን የሚያየው ወሬው ከሚደርስበት ሰዓት ስለሆነ፣ ያኔ የተባለው ሁሉ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይሸሻል። «አይ አም ታየርድ» የነበረው «ሺ ሴድ ሺ ዎዝ ታየርድ» ይሆናል። «አይ ሃቭ ፊኒሽድ» ወደ «ሃድ ፊኒሽድ» ይሄዳል፣ «አይ ሎስት»ም ወደ «ሃድ ሎስት»። «ሃድ ፊኒሽድ» ሆኖ የተነገረ ግን ካለበት አይነቃነቅም፤ ከዚያ ወዲያ የሚሸሽበት ጊዜ እንግሊዝኛ የለውም። «ኩድ»፣ «ዉድ»፣ «ሹድ» እና «ማይት»ም እንደዚሁ ይቆያሉ። «መስት» ግዴታን ሲገልጽ አብዛኛውን ጊዜ «ሃድ ቱ» ይሆናል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ። ሰላም «ዎዝ ታየርድ» ተብላ ስትወራ አሁን ድካሙ ለቋታል ማለት ነው? አይደለም። «ዎዝ» የሚናገረው ስለተባለበት ጊዜ ብቻ ነው፤ አሁንም ደክሟት ሊሆን ይችላል፣ አርፋም ሊሆን ይችላል።

ሽሽቱ የማይኖርበትም ቦታ አለ። አድራሹ ግስ በአሁን ጊዜ ሲሆን፣ ማለትም «ሺ ሴዝ» ተብሎ ሲጀመር፣ ጊዜው እንዳለ ይቀራል፦ «ሺ ሴዝ ሺ ኢዝ ታየርድ»። ሁልጊዜ እውነት ለሆነ ነገርም ግሱን በአሁን ጊዜ መተው ይቻላል፤ መምህሩ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ብሎ ከነበረ «ሂ ሴድ ዛት ዚ ኧርዝ ጎዝ አራውንድ ዘ ሳን» ማለት ትክክል ነው። የጊዜ ቃላትም ያው አመክንዮ አላቸው። አበበ ሰላም የነገረችውን ያንኑ ዕለት ማታ ለእናቱ ቢያወራ «ትናንት» አሁንም ትናንት ነው፣ «ነገ»ም ገና ነገ ነው፤ «ዬስተርዴይ» እና «ቱሞሮው» እንዳሉ ይቆያሉ። እንግሊዞች በተራ ወሬ ላይ «ሎስት»ንም ወደ «ሃድ ሎስት» ሳይለውጡ ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ፈተና ላይ ግን ንግግሩ መቼ እንደደረሰ ካልተነገረ ሙሉውን ለውጥ ማድረግ ይሻላል፤ መልመጃው የሚፈትነው እሱን ነውና።

«ሂ ሴድ ሚ» የሚለው ሌላው የታወቀ ስሕተት ነው። ምንጩ «አለኝ» ነው። አማርኛ በአንድ ግስ ውስጥ መናገሩንም ሰሚውንም አጣምሮ ይይዛል፤ እንግሊዝኛ ግን ለሁለት ይከፍለዋል። ሰሚው ከተጠቀሰ «ቶልድ ሚ»፣ ካልተጠቀሰ «ሴድ» ነው። «ሴድ»ን ይዞ ሰሚውን መጥራት የፈለገ «ሴድ ቱ ሚ» ማለት አለበት።

ጥያቄ ሲመጣ የቃላት ቅደም ተከተልም ይጨመራል። «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» ብሎ አንድ ሰው ጠየቀ እንበል። ብዙ ተማሪ «ሂ አስክድ ሚ ዌር ዱ አይ ሊቭ?» ይላል፤ ተውላጠ ስሙን አስተካክሎ ጥያቄውን ግን እንደ ጥያቄ ትቶታል። አሁን ጠያቂ የለም፤ እየተወራ ያለው ጥያቄ እንደነበረ ነው። ስለዚህ «ዱ» ይወጣል፣ ባለቤቱ ከግሱ ይቀድማል፣ የጥያቄ ምልክቱም በነጥብ ይተካል፦ «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ»። አማርኛው እዚህም ይረዳል፤ «የት እንደምኖር ጠየቀኝ» የሚለው ምንም የጥያቄ ቃና የለበትም። መልሱ አዎ ወይም አይ የሆነ ጥያቄ ደግሞ በአማርኛ «ርቦኝ እንደሆነ ጠየቀኝ» ይባላል። ያቺ «እንደሆነ» በእንግሊዝኛ «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ናት፦ «ሂ አስክድ ሚ ኢፍ አይ ዎዝ ሀንግሪ»። እሷን የረሳ ተማሪ «ሂ አስክድ ሚ ዎዝ አይ ሀንግሪ» ብሎ ይጽፋል፤ «ዛት»ን በምትኳ የሚያስገባም አለ። ሁለቱም ከአራቱ ምርጫዎች መካከል ተቀምጠው የሚጠብቁ ወጥመዶች ናቸው።

ትእዛዝ ከሁሉ ይቀላል። «ተቀመጥ አለኝ» የሚለው «እንድቀመጥ ነገረኝ» ይሆናል፤ የ«እንድ» ቦታ በእንግሊዝኛ የ«ቱ» ነው፦ «ሂ ቶልድ ሚ ቱ ሲት ዳውን»። የሚሸሽ ጊዜ እዚህ የለም። ክልከላ ሲሆን «እንዳልነካው ነገረኝ» ይባላል፤ እንግሊዝኛው «ሂ ቶልድ ሚ ኖት ቱ ተች ኢት» ነው፣ «ኖት»ም ከ«ቱ» በፊት ይቀመጣል። «ሂ ቶልድ ሚ ዶንት ተች ኢት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ትእዛዙን ገና ከሰውየው አፍ አላወጣውም።